ጥሩ የመሰለው 0.3 በመቶ

የቤተ ሙከራ ሪፖርት ሳርም ተማሪዎቼ ዓይኔን ወዴት እንደምወረውር ያውቃሉ ብለው ስለሚያምኑ የመቶኛ ስህተቱን በሳጥን ከበው፣ አንዳንዶቹም ሁለት ጊዜ አስምረውበት ያቀርቡልኛል። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ከሥሩ "ሙከራው ተሳክቷል" ይላል። ትልቅ ከሆነ ደግሞ ሁለት የታወቁ ተከሳሾች ይቀርባሉ፤ አንደኛው "የአየር ግጭት" ነው፣ ሁለተኛው "የሰው ስህተት"። የትኛው ሰው፣ የቱን ስህተት፣ ወደ የት አቅጣጫ እንደሠራ የሚናገር ግን የለም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ትልቁ ቁጥር አይደለም። ትልቅ ስህተት ቢያንስ ራሱን ይገልጣል። የሚያሳስበኝ ማንም የማይጠይቀው ትንሹ ቁጥር ነው።

ሒሳቡ ራሱ ቀላል ነው። ከተለካው ዋጋ ላይ እውነተኛው ዋጋ ይቀነሳል፣ ልዩነቱ ለእውነተኛው ዋጋ ይካፈላል፣ ከዚያ በ100 ይባዛል።

```
% ስህተት = (የተለካ − እውነተኛ) ÷ እውነተኛ × 100
```

ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ልዩነቱን በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል አስገብተው ፍጹም ዋጋውን ብቻ እንድንወስድ ያዝዛሉ፤ የመቀነስ ምልክቱ ይጣላል፣ ውጤቱም ሁልጊዜ አዎንታዊ ይሆናል። ሪፖርቱ ንጹሕ እንዲመስል ካልሆነ በቀር ለዚህ አሠራር ብዙም ምክንያት አይታየኝም። የተለካው ዋጋ ከእውነተኛው በልጦ ነው ወይስ አንሶ የሚለው መረጃ በዚያች ምልክት ውስጥ ነው ያለው፤ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለመፈለግ የሚነሣ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚይዘው እሷን ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ምልክቷን ይዤ እሄዳለሁ።

ለማሳየት የምወደው ሙከራ ፔንዱለም ነው። በክር ጫፍ የታሰረ ትንሽ የብረት ኳስ፣ አንድ ሜትር መለኪያና ጊዜ የሚቆጥር ሰዓት ይበቁታል። የሚፈለገው የመሬት ስበት የሚወድቅን ነገር ፍጥነት በየሰከንዱ የሚጨምርበት መጠን ነው፤ እሱም g በሚል ፊደል ይጻፋል። ኳሱ ትንሽ ወደ ጎን ተስቦ ሲለቀቅ ሄዶ ይመለሳል፤ ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ T ነው። ክሩ ከታሰረበት ነጥብ አንሥቶ እስከ ኳሱ መሃል ያለው ርቀት L ነው። በትንሽ ማዕዘን ለሚወዛወዝ ፔንዱለም እነዚህ ሦስቱ እንዲህ ይያያዛሉ፦

```
g = 4π² × L ÷ T²
```

L 80.0 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና g 9.80 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው ብንል፣ አንዱ ምልልስ 1.795 ሰከንድ ይፈጃል። አንድን ምልልስ ብቻ በእጅ መለካት አስቸጋሪ ስለሆነ 20 ምልልስ ተቆጥሮ ጠቅላላው ጊዜ ለ20 ይካፈላል፤ ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ከተሠራ ሰዓቱ 35.9 ሰከንድ ገደማ ያሳያል። ሙከራው ይኸው ነው። ከዚህ ያነሰ ዕቃ የሚፈልግ፣ ከዚህ የበለጠ ግን የሚያስተምር ሙከራ ብዙ አላውቅም።

አሁን ወደ አንድ ሪፖርት ልምጣ። አንድ የተማሪዎች ቡድን L = 81.5 ሴንቲ ሜትር ብሎ ጽፏል። ለ20 ምልልስ 36.18 ሰከንድ አግኝቷል፤ አንዱ ምልልስ 1.809 ሰከንድ ማለት ነው። ከዚህ ተነሥተው g 9.83 መሆኑን አስልተዋል፤ 9.80ን እውነተኛ ዋጋ አድርገው ሲያወዳድሩ የመቶኛ ስህተታቸው +0.3 በመቶ ሆነ። ከክፍሉ ሁሉ ትንሹ ቁጥር የነሱ ነበር። ሳጥኑም ተከብቧል፣ መስመሩም ሁለት ጊዜ ተሰምሯል።

ሪፖርቱ ውስጥ ግን በእርሳስ የተሣለች አንዲት ሥዕል አለች። ሥዕሏ ላይ ርዝመቱን የምታመለክተው ቀስት ክሩ ከታሰረበት ነጥብ ጀምራ የምታበቃው በኳሱ መሃል ሳይሆን በኳሱ የታችኛው ጫፍ ላይ ነው። የኳሱ ውፍረት 3 ሴንቲ ሜትር መሆኑም እዚያው ተጽፏል። ከሥዕሉ በታች ደግሞ በአሠራር ቅደም ተከተሉ ውስጥ "ኳሱ በደንብ እንዲወዛወዝ 20 ዲግሪ ያህል ስበን ለቀቅነው፤ እየቀነሰ ሲመጣ ከሩቅ ለቅቀን ደገምነው" የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ለመቶኛ ስህተቱ ማብራሪያ በተተወው ቦታ ላይ ግን ምንም አልተጻፈም። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ የሚብራራ ነገር አለ ብሎ ያሰበ የለም።

ሁለቱን ነገሮች አንድ በአንድ እንያቸው። ትክክለኛው ርዝመት እስከ ኳሱ መሃል ነው፤ ምክንያቱም የኳሱ ክብደት ሁሉ በመሃሉ ላይ እንደተሰበሰበ ተደርጎ ነው ቀመሩ የሚሠራው። እስከ ታችኛው ጫፍ የለካ ሰው የኳሱን ግማሽ ውፍረት፣ ማለትም 1.5 ሴንቲ ሜትር፣ በከንቱ ጨምሯል። 1.5 ለ80 ሲካፈል 1.9 በመቶ ያህል ነው። በቀመሩ ውስጥ L የሚገባው በቀጥታ ስለሆነ g ላይ የሚደርሰው ስህተትም ያው 1.9 በመቶ ነው፤ ምልክቱም የመደመር ነው። በተቃራኒው ክሩን ብቻ ለክቶ ኳሱ ከሚጀምርበት ላይ የሚያቆም ተማሪም አለ፤ እሱ የዚህኑ ያህል ወደ ታች ይሳሳታል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱም ዓይነቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሊሠሩ ይችላሉ፤ ምልክታቸውን ከጣልንባቸው ግን ሁለቱም "1.9 በመቶ" ብለው ይጽፋሉና አንድ ዓይነት ስህተት የሠሩ ይመስላሉ።

የማዕዘኑ ነገር ትንሽ ረቀቅ ይላል። ከላይ ያለው ቀመር ትንሽ ማዕዘንን ታሳቢ ያደረገ መሆኑን ሁሉም ተማሪ በቃሉ ያውቀዋል፤ "ትንሽ" ስንት እንደሆነ ግን እምብዛም አይነገረውም። ፔንዱለም ሰፋ አድርጎ ሲወዛወዝ ለአንዱ ምልልስ የሚፈጅበት ጊዜ ይረዝማል፤ የሚረዝምበት መጠን ደግሞ ከማዕዘኑ ስኩዌር ጋር አብሮ ያድጋል። በ5 ዲግሪ ላይ ጭማሪው ከ0.05 በመቶ አይዘልም፤ በእጅ ሰዓት ለሚለካ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በ10 ዲግሪ 0.2 በመቶ ይሆናል። በ20 ዲግሪ 0.77 በመቶ፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 1.7 በመቶ ይደርሳል። እዚህ ላይ መታየት ያለበት T በቀመሩ ውስጥ በራሱ ተባዝቶ መግባቱ ነው፤ በጊዜው ላይ የታየው ስህተት g ላይ ሲደርስ እጥፍ ይሆናል፣ አካፋይም ስለሆነ አቅጣጫው ይገለበጣል። ስለዚህ በ20 ዲግሪ መወዛወዝ g ን 1.5 በመቶ ያህል አሳንሶ ያሳያል።

እንግዲህ አንዱ ስህተት 1.9 ከፍ አደረገ፣ ሌላው 1.5 ዝቅ አደረገ፤ ቡድኑ በሳጥን የከበበው 0.3 በመቶ፣ ቁጥሮቹ ሳይጠጋጉ ሲሰላ፣ የነዚህ የሁለቱ ልዩነት ነው። ወደ ምዕራብ መሄድ ሲገባው ወደ ምሥራቅ ሄዶ፣ መንገድ ስቶ ዞሮ ቤቱ እንደደረሰ ሰው ማለት ነው። መድረሱስ ደርሷል፤ መንገዱን ያውቀዋል ብሎ ግን እንግዳ አስከትሎ የሚልከው የለም።

ይህን ስነግራቸው ከቡድኑ አንዷ ያቀረበችልኝ ጥያቄ ተገቢ ነበር። "መምህር፣ መልሱ ትክክል ከሆነ ስህተቶቹ ምን ይጎዳሉ?" አለችኝ። እኔም ያንኑ ሙከራ፣ ያንኑ አለካክና ያንኑ ማዕዘን ሳትለውጡ ክሩን ብቻ አሳጥራችሁና አስረዝማችሁ ሥሩት አልኳቸው። ምን እንደሚመጣ ቁጭ ብሎ ማስላት ይቻላል። ትክክለኛው ርዝመት 40 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ያቺ 1.5 ሴንቲ ሜትር 3.75 በመቶ ትሆናለች፤ የማዕዘኑ ስህተት ግን ከርዝመቱ ጋር ግንኙነት ስለሌለው እዚያው 1.5 ላይ ይቆያል። ድምር ውጤቱ +2.2 በመቶ ይሆናል። ርዝመቱ 160 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ደግሞ 1.5 ሴንቲ ሜትሯ ወደ 0.9 በመቶ ትወርዳለች፤ አሁን የማዕዘኑ ስህተት ስለሚያሸንፍ ጠቅላላው −0.6 በመቶ ይሆናል። አንድ ዓይነት እጅ፣ አንድ ዓይነት መሣሪያ፣ ሦስት የተለያዩ ውጤቶች፤ በመሃሉም ምልክቱ ተገልብጧል። በ80 ሴንቲ ሜትር ላይ የታየው ትንሽ ቁጥር የተገኘው ሁለቱ ስህተቶች በዚያ ርዝመት አካባቢ እኩል ለመሆን ስለተቃረቡ ብቻ ነው። ክሩ ትንሽ አጥሮ ቢሆን ኖሮ ያው ቡድን ከክፍሉ መካከለኛ ይሆን ነበር።

ለዚህ ነው አንድ ብቸኛ የመቶኛ ስህተት ብዙ የማይነግረኝ። አንድን ነገር ለውጦ ስህተቱ አብሮ እንዴት እንደሚለዋወጥ ማየት ግን ብዙ ይነግራል፤ እያንዳንዱ የስህተት ምንጭ የራሱ አካሄድ አለውና። በርዝመቱ ላይ የተጨመረ ቋሚ ትርፍ ክሩ ሲረዝም እየከሰመ ይሄዳል። የማዕዘን ስህተት ርዝመቱ ቢለወጥም አይነቃነቅም፤ ማዕዘኑ በግማሽ ሲቀንስ ግን ወደ ሩብ ይወርዳል። ኳሱን በሌላ ከባድ ኳስ መለወጥ፣ መጠኑ እኩል እስከሆነ ድረስ፣ ከሁለቱ አንዱንም አይነካም። "የአየር ግጭት" የሚለውን ተከሳሽ ነጻ የማወጣውም በዚሁ መንገድ ነው። አየር የብረት ኳሱን የመወዛወዝ ስፋት ቀስ በቀስ ያሳንሳል እንጂ ጊዜውን በእጅ ሰዓት በሚታይ መጠን አይለውጠውም። ሁለትና ሦስት በመቶ የሚያህል ስህተትን በአየር ማሳበብ ከሒሳቡ ጋር አይሄድም።

ሌላም አንድ ስህተት አለ፤ በየዓመቱ የሚመጣ፣ ሳየውም ወዲያው የምለየው። ቡድኑ g 10.86 ነው ብሎ ይመጣል፤ የመቶኛ ስህተቱ +10.8። እነዚህ ልጆች ርዝመቱንም ማዕዘኑንም በትክክል ሠርተው ሊሆን ይችላል። የተሳሳቱት አቆጣጠሩ ላይ ነው። ኳሱን ለቅቀው ሰዓቱን ሲያስነሡ "አንድ" ብለው ይጀምራሉ፤ "ሃያ" ሲሉ ያቆማሉ። ነገር ግን ከ"አንድ" እስከ "ሃያ" ያለው ምልልስ 19 ብቻ ነው። 34.1 ሰከንዱን ለ19 ማካፈል ሲገባቸው ለ20 ያካፍላሉ፤ ጊዜው በ5 በመቶ ያጥራል፣ g ደግሞ 20 ለ19 ተካፍሎ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው መጠን፣ ማለትም በ10.8 በመቶ፣ ያድጋል። 10 ምልልስ ብቻ የቆጠረ ቡድን በዚሁ ስህተት 23.5 በመቶ ላይ ይወጣል። ቁጥሮቹ ይህን ያህል የታወቁ ስለሆኑ፣ አንድ ሪፖርት ላይ 10.8 ወይም 23.5 አካባቢ ሳይ ሌላውን ገጽ ሳልገልጥ "ስትጀምሩ ምን ብላችሁ ቆጠራችሁ?" ብዬ እጠይቃለሁ። መድኃኒቱ "ዜሮ" ብሎ መጀመር ነው።

"ዜሮ" ማለት ለረሳ ሰውም ማምለጫ አለው፤ እኔ ከመጀመሪያው መድኃኒት ይልቅ ይህን እወደዋለሁ። ያው ቡድን በያው የተሳሳተ አቆጣጠር እስከ "አሥር" ድረስ አንድ ጊዜ፣ እስከ "ሃያ" ድረስ ሌላ ጊዜ ይለካ። የመጀመሪያው 16.16 ሰከንድ ይሆናል፣ ሁለተኛው 34.11። ሁለቱን ሲያቀናንሱ 17.95 ይቀራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንም ጥርጥር የሌለበት 10 ሙሉ ምልልስ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የጎደለችው አንዷ ምልልስ ከሁለቱም እኩል ስለጎደለች በቅንስናሹ ጠፍታለች። 17.95 ለ10 ሲካፈል 1.795 ይመጣል፤ ትክክለኛው ጊዜ ይኸው። ሰዓቱን ሲያስነሣ ሁልጊዜ በእኩል መጠን የሚዘገይ ጣትም በዚሁ መንገድ ይታረማል።

ለርዝመቱም የዚህ ወንድም የሆነ ዘዴ አለ። የተለያዩ ርዝመቶችን ወስዶ T² ን በቁም ዘንግ፣ L ን በአግድም ዘንግ ላይ አድርጎ ግራፍ መሣል ነው። ነጥቦቹ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ይሰለፋሉ። ሁሉም ነገር ትክክል ከሆነ መስመሩ በዜሮ ነጥብ ላይ ያልፋል። እስከ ኳሱ ታች የለካ ቡድን መስመር ግን አግድም ዘንጉን የሚቆርጠው በዜሮ ላይ ሳይሆን በ1.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ የኳሱ ግማሽ ውፍረት ግራፉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደስ የሚለው ደግሞ የመስመሩ ተዳፋት በዚህ ስህተት አለመነካቱ ነው፤ g ከተዳፋቱ ስለሚሰላ የርዝመቱ ስህተት ወደ ውጤቱ አይገባም። የማዕዘንና የአቆጣጠር ስህተት ግን ተዳፋቱን ራሱን ስለሚያዛቡት ግራፉ ለእነሱ መፍትሔ የለውም። እነሱን በየራሳቸው መንገድ መያዝ ግድ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚገፉ ስህተቶች ነው። የእጅ መዘግየት ግን እንደዚያ አይደለም፤ አንዴ ቀድሞ አንዴ ዘግይቶ ሰዓቱን ይጫናል። ሰዓቱን ሲያስነሡም ሲያቆሙም መዘግየቱ ተቀራራቢ ስለሆነ አብዛኛው ይጣፋል፤ ቢሆንም 0.1 ሰከንድ ያህል ወዲያና ወዲህ ማለቱ አይቀርም። አንድ ምልልስ ብቻ ለለካ ሰው 0.1 ሰከንድ 5.6 በመቶ ነው፤ g ላይ እጥፍ ሆኖ 11 በመቶ ይደርሳል። 20 ምልልስ ለለካ ግን ያቺው 0.1 ሰከንድ በ35.9 ሰከንድ ላይ ስለምትበተን g ላይ የምታመጣው 0.6 በመቶ ያህል ነው።

ይህ 0.6 ለእኔ ከመቶኛ ስህተቱ ራሱ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ሙከራው ከመሠራቱ በፊት ሊታወቅ የሚችል፣ እውነተኛውን ዋጋም የማይጠይቅ ቁጥር ነው። መሣሪያውና እጁ ምን ያህል እንደሚያወላውሉ ይናገራል። 0.6 ያህል እንደሚያወላውል የሚያውቅ ቡድን የ0.3 በመቶ ስህተት ሲያገኝ ደስ ሊለው ይችላል፤ በ0.3 እና በ0.5 መካከል ግን የሚኩራራበት ልዩነት የለም። በሌላ በኩል 1.9 በመቶ ያገኘ ቡድን ነገሩን በእጅ መዘግየት ሊያመካኝ አይችልም፤ ከ0.6 እጅግ ርቋልና ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። አንድ የመቶኛ ስህተት ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ የሚባለው ከዚህ ጋር ሲተያይ ነው። ለሁሉም ሙከራ "ከ5 በመቶ በታች ጥሩ ነው" የሚለው የተለመደ ወሰን ከየት እንደመጣ የነገረኝ ሰው የለም። አንድ ምልልስ ብቻ ለለካ ቡድን 5 በመቶ ዕድል ነው፤ 20 ለለካ ግን ውድቀት ነው።

"እውነተኛ ዋጋ" የምንለውስ? ለ g አንዱ 9.8 ይጽፋል፣ ሌላው 9.81፣ አንዳንዱ መጽሐፍ ደግሞ 9.80665። የመጨረሻው በ1901 በዓለም አቀፉ የክብደትና የመለኪያ ጉባኤ የተደነገገ የስምምነት ቁጥር ነው እንጂ በማንም ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚገኝ የስበት መጠን አይደለም። በባሕር ወለል ላይ በምድር ወገብ 9.780 ነው፣ በዋልታዎቹ 9.832፤ በሁለቱ መካከል 0.5 በመቶ ያህል ልዩነት አለ። ከፍታም ይቀንሰዋል፤ 2000 ሜትር ሲወጡ 0.06 በመቶ ያህል። የኛ ቡድን 9.83 እንግዲህ በዋልታ ላይ ቢሆን ኖሮ ምንም ስህተት የለበትም ይባልለት ነበር፤ በምድር ወገብ ላይ ከሆነ ደግሞ 0.5 በመቶ ተሳስቷል። የመቶኛ ስህተት ከ0.5 በታች እየወረደ ሲሄድ ተማሪው የሚመዝነው የራሱን ልኬት ብቻ ሳይሆን መጽሐፉ የሰጠውን ቁጥር ጭምር ነው።

ይህ ተራ ጥንቃቄ እንዳይመስል አንድ ታሪክ ላንሣ። በ1672 ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሰው ዣን ሪሼ በምድር ወገብ አጠገብ በምትገኘው በካየን ነበር። በፓሪስ በትክክል የሚሠራው የፔንዱለም ሰዓት እዚያ በየቀኑ ወደ 2 ደቂቃ ተኩል ዘገየበት። በአንድ ቀን ውስጥ 86,400 ሰከንድ ስላለ ይህ በጊዜ ላይ 0.17 በመቶ፣ በ g ላይ ደግሞ እጥፉ፣ 0.35 በመቶ ያህል ነው። ሪሼ የፓሪሱን ዋጋ እውነተኛ ብሎ የካየኑን ልዩነት በመቶኛ ስህተት ሳጥን ውስጥ ሊከበው ይችል ነበር፤ ቁጥሩም ትንሽ ስለሆነ ማንም ባልጠየቀው። እሱ ግን ፔንዱለሙን አሳጥሮ ደጋግሞ ለካው፤ ልዩነቱ አልጠፋም። ስበት በየቦታው እኩል አለመሆኑ የታወቀው በዚህ ነው፤ በኋላም ኒውተን ምድር በወገቧ ያበጠች መሆኗን ሲከራከር ይህን ልኬት ማስረጃ አደረገው። ያ 0.35 በመቶ ስህተት አልነበረም።

በነገራችን ላይ የመቶኛ ስህተት ጨርሶ ትርጉም የሚያጣበት ቦታም አለ። ቴርሞሜትሩን በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ያስገባ ተማሪ 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያነብ፣ እውነተኛው ዋጋ ዜሮ ስለሆነ ለዜሮ ማካፈል ይመጣል። በሚፈላ ውኃ 100 ማግኘት ሲገባው 98 ቢያነብ ስህተቱ በሴልሺየስ 2 በመቶ ነው፤ ያንኑ ንባብ ወደ ኬልቪን ቢለውጠው 0.5 በመቶ ይሆንለታል። ቴርሞሜትሩ ግን አልተሻሻለም። ዜሮው በስምምነት በተተከለ መለኪያ ላይ "2 ዲግሪ አንሷል" ብሎ ማለፍ ይሻላል።

ውጤቱን በመቶኛ ስህተት መጠን ብቻ የሚያርም መምህር ምን እንደሚያጭድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ተማሪው 9.8ን አስቀድሞ ያውቃል፤ ወደ ኋላ ሄዶ ጊዜውን ከዚያ ያሰላል፤ 35.90 ብሎ ይጽፋል፤ ሲደግመውም 35.91፣ ሲሠልሰውም 35.89። በእጅ የተያዘ ሰዓት እንዲህ አይናገርም። ደጋግሞ በታማኝነት የለካ ሰው መዝገብ ውስጥ 35.8፣ 36.1፣ 35.7 ዓይነት መወላወል አለ፤ ያ መወላወል የሌለበትን ሪፖርት ሳይ የመቶኛ ስህተቱን ከነሳጥኑ እዘለዋለሁ።

ያ ቡድን በኋላ ሙከራውን ደገመው። እስከ ኳሱ መሃል 80.0 ሴንቲ ሜትር ለኩ፤ ማዕዘኑን ወደ 5 ዲግሪ አወረዱ፤ ከዜሮ ቆጠሩ። 20ው ምልልስ 35.98 ሰከንድ ፈጀ፤ g 9.76 ወጣ፤ ስህተቱ −0.4 በመቶ። ያቺ ቀድሞ የጠየቀችኝ ልጅ ሁለቱን ወረቀቶች ይዛ መጣችና "አሁን እኮ ባሰብን፤ የትኛውን እናስገባ?" አለች። ሁለተኛውን አስገቡ፣ ከአጠገቡም የእጃችሁን 0.6 በመቶ ጻፉ፣ እውነተኛ ያላችሁት ዋጋ 9.80 መሆኑንም አመልክቱ አልኳት። "የመቀነስ ምልክቷንስ?" ስትለኝ፣ እሷን እንዳትነኩ አልኳት።